«አመታ» የምትለው ቃል፦ ስለ ሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ለወጣት መምህራን ያደረግኩት ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ! ሁላችሁም እንኳን ደህና መጣችሁ። ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን ተጉዛችሁ የገባችሁ መምህራን እንዳላችሁ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ ድምፄ ይሰማል? ጥሩ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ሃይማኖት ጥናት ላይ ዶክትሬት ለመማር ለሚያመለክት ተማሪ አማካሪው ስለሚጽፈው ሪኮመንዴሽን። ርዕሱን ሲነግሩኝ «ለዚህ ደግሞ አንድ ሰዓት?» ያላችሁ ትኖራላችሁ። እኔም የዛሬ ስድስት ዓመት ብትጠይቁኝ እንደዚያ ነበር የምለው። ሪኮመንዴሽን ማለት ማታ ላይ ተቀምጠህ በሃያ ደቂቃ የምትጨርሰው፣ ማኅተም የምታስመታበት ወረቀት ነው ብዬ አስብ ነበር። አንድ ተማሪ ነው ይህን ያስተወኝ። ስለ እሱ እነግራችኋለሁ፤ ስሙን ግን አልጠራም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። መጀመሪያ ደብዳቤውን የሚያነበው ማን እንደሆነ። ከዚያ ደብዳቤው ውስጥ ምን መግባት እንዳለበት፤ ረጅሙ ይሄኛው ነው። መጨረሻ ላይ ስለ ፎርሙና ስለ ቀኑ ትንሽ እላለሁ።

እሺ። ደብዳቤያችሁን ማን ያነበዋል?

እዚህ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ደብዳቤው የኢትዮጵያን ጥናት ለሚያውቅ ሰው የሚደርስ ይመስለናል። ሀምቡርግ ያለው የሂዮብ ሉዶልፍ ማእከል ቢሆን እውነት ነው፤ እዚያ ግእዝ የሚያነብ ሰው ይጠብቃችኋል። አሜሪካ ውስጥ ወዳለ የሃይማኖት ጥናት ክፍል ከላካችሁ ግን ኮሚቴው ውስጥ የተቀመጡት አንዷ የቲቤት ቡድሂዝም ታጠናለች፣ አንዱ የመካከለኛው ዘመን እስልምናን፣ አንዱ አዲስ ኪዳንን በግሪክኛ፣ አንዷ ደግሞ የላቲን አሜሪካ ጴንጤዎችን። እነዚህ ሰዎች ናቸው ቁጭ ብለው ማመልከቻ የሚያነቡት። ቦታው ጥቂት ነው። የሚቀበሉትን ልጅ በአብዛኛው ለአምስት ዓመት ያህል የትምህርቱን ክፍያም የኪስ ገንዘቡንም ዩኒቨርሲቲው ይችላል። ስለዚህ ጥያቄያቸው «ልጁ ጎበዝ ነው?» ብቻ አይደለም። ጎበዝ ያልሆነ አያመለክትም። ጥያቄያቸው «ይሄ ልጅ ከራሱ ጥያቄ አውጥቶ፣ አምስት ዓመት ብቻውን ከጥያቄው ጋር ታግሎ፣ እኛ የማናውቀውን ነገር ይዞልን ይመጣል?» ነው።

እና ትራንስክሪፕቱ ይህን አይነግራቸውም። ከአራት 3.9 ብሎ ቢያዩ የእኛን አሰጣጥ አያውቁትም። ቴሲሱ «ኤክሰለንት» ተብሏል ብትሏቸውም ስንቱ ኤክሰለንት እንደሚባል አያውቁም። ስለዚህ ምን ቀራቸው? የተማሪው ጽሑፍና የእናንተ ደብዳቤ።

አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እጃችሁን አታውጡ፣ በልባችሁ መልሱ። «አንተው ጻፈውና ልፈርምልህ» ብላችሁ የምታውቁ ስንቶቻችሁ ናችሁ?

ዝምታው በቂ ነው። እኔም ብያለሁ። ሥራ በዝቶብን ነው፣ አውቃለሁ። ግን ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ልጁ ሦስት መምህራን ጋ ይሄዳል፤ ሦስቱም «አንተው ጻፈው» ይሉታል። ሦስቱንም ደብዳቤ ራሱ ይጽፋል። ከዚያ ያቺ የቲቤት ፕሮፌሰር የልጁን የራሱን ማመልከቻ አንብባ ስትጨርስ ሦስቱን ደብዳቤዎች ትከፍታለች። አንድ ድምፅ! አንድ ዓይነት አረፍተ ነገር፣ አንድ ዓይነት የሰዋስው ስህተት። ሦስት ደብዳቤ ልካችሁለት ምንም እንዳልላካችሁለት ነው። እንዲያውም ከምንም ይብሳል፤ የልጁን ታማኝነት አጠያይቃችኋልና። ደግሞ አስቡት፣ ተማሪ ስለራሱ ሲጽፍ እናንተ ብቻ ያያችሁትን ነገር ከየት ያመጣዋል? እሱ እኮ ራሱን ከውጭ አላየውም።

ወደ ዋናው ልግባ። ልጁን ላስተዋውቃችሁ።

ዲያቆን ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቆሎ ተማሪ ነበር፣ ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጧል። ከዚያ ዘመናዊውን ትምህርት ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ገባ። እኔ ጋ ሁለተኛ ዲግሪውን ሲሠራ ቴሲሱ የአንድ ተአምረ ማርያም ብራና ጥናት ነበር፤ ጎጃም ውስጥ ካለች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ፎቶ አንስቶ ያመጣው። ሠላሳ ሦስቱን ተአምራት የያዘ፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ብዙ እጅ የነካው መጽሐፍ።

የመጀመሪያው ዓመት ለስድስት ዩኒቨርሲቲዎች አመለከተ። እኔም ጻፍኩለት። ስድስቱም እምቢ አሉት። ስድስተኛው መልስ ሲመጣ ቢሮዬ መጥቶ «የኔታ፣ አልሆነም» አለኝ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኔታ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነው። ወጣ። እኔ ኮምፒውተሬን ከፍቼ የጻፍኩትን ደብዳቤ እንደገና አነበብኩት።

እስቲ ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ። «በሥነ ምግባሩ የተመሰገነ» ብያለሁ። «ትሑትና ታዛዥ» ብያለሁ። «ቤተ ክርስቲያኑን ከልቡ የሚያገለግል» ብያለሁ። «የግእዝ ችሎታው ከፍተኛ ነው» ብያለሁ። «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተምሯል» ብያለሁ። አንድ ገጽ ከሩብ። ውሸት የለበትም፤ አንዱም ቃል ውሸት አይደለም። ግን ይህ ደብዳቤ ስለ ማን ነው? የማንኛውንም ደግ ዲያቆን ስም ብታስገቡበት ይሠራል። ያ ብራና የሚባል ነገር ደብዳቤው ውስጥ የለም!

በየተራ እንየው። «ታዛዥ»። እኛ ጋ ትልቅ ምስጋና ነው። እናቶቻችን ልጅ ሲመርቁ የሚሉት ነው። በእንግሊዝኛ ለአስተማሪ ኮሚቴ ሲጻፍ ግን «የነገሩትን የሚሠራ» ማለት ነው የሚሆነው። ራሱን ችሎ የሚያስብ ሰው ለሚፈልግ ኮሚቴ «የነገሩትን የሚሠራ ልጅ ልኬላችኋለሁ» ማለት አይደለም እንዴ?

«ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግል»። ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሃይማኖት ጥናት ላይ ብቻ የሚመጣ ችግር ነውና። ለነገረ መለኮት ትምህርት ቤት፣ ለሴሚናሪ ብትጽፉ የልጁ እምነትና አገልግሎት ይጠየቃል፤ ጻፉት። የሃይማኖት ጥናት ክፍል ግን ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ በ1963 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆችን መጽሐፍ ቅዱስ እያስነበበ ጸሎት ማስደረስ አይችልም ብሎ ሲወስን፣ ስለ ሃይማኖት እንደ ማንኛውም ትምህርት ማስተማር ግን ይቻላል የሚል ነገር አብሮ ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ነው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ የሃይማኖት ጥናት ክፍሎች የተስፋፉት። ሃይማኖትን ማስተማርና ስለ ሃይማኖት ማስተማር፣ እዚያ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ያመነ ሰው አይቀበሉም ማለት አይደለም! ብዙዎቹ ራሳቸው አማኝ ናቸው። የሚፈልጉት የሚያምነውን ነገር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሊጠይቀው የሚችል ሰው ነው። እኔ ልጁ አማኝ መሆኑን ነግሬአቸው፣ መጠየቅ የሚችል መሆኑን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እንዲያ ሲሆን አንባቢው ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል።

መጠየቅ እንደሚችል ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ያን ታሪክ ልንገራችሁ፤ የዛሬ ንግግሬ ልብ እሱ ነው።

ተአምረ ማርያም ያነበባችሁ ወይም ስትሰሙ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። በየተአምሩ መግቢያ ላይ «ጸሎታ ወበረከታ የሃሉ ምስለ...» የሚል አለ። ጸሎቷና በረከቷ ከእገሌ ጋር ይሁን። እዚያ ላይ መጽሐፉን ያጻፈው ሰው ስም ይገባል። ወንድ ከሆነ «ምስለ ገብራ» ከአገልጋይዋ ከእገሌ ጋር፤ ሴት ከሆነች «ምስለ አመታ» ከአገልጋይዋ ከእገሊት ጋር። መጽሐፉ ባለቤት ሲለውጥ ደግሞ አዲሱ ባለቤት የፊተኛውን ስም በምላጭ ፍቆ የራሱን ያስገባል። ብራና ላይ የሠራችሁ ይህን በየቦታው ታገኙታላችሁ።

ልጁ የቴሲሱን ረቂቅ አመጣልኝ። አንድ ቦታ ላይ «ምስለ አመታ» ይላል፣ ቀጥሎ ያለው ስም ግን የወንድ ነው። እኔ በእርሳስ ጎኑ ላይ «የጸሐፊ ስህተት» ብዬ ጻፍኩበት። አለፍኩት። እንዲህ ዓይነት ስህተት ስንት አይተናል።

ሦስት ሳምንት ጠፋ። ከዚያ አንድ ሰኞ ጠዋት በር አንኳኳ። እጁ ላይ ሠንጠረዥ አለ፤ ሠላሳ ሦስት መስመር፣ ለእያንዳንዱ ተአምር አንድ። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጸሐፊው አልተሳሳተም» አለኝ። ሠላሳ ሦስቱንም ቦታ አንድ በአንድ አይቷል። ሃያ ዘጠኙ ላይ ፋቂው ቃሉንም ስሙንም ፍቆ «ገብራ» ብሎ የራሱን ስም ጽፏል፤ ቀለሙም እጁም ሌላ ነው። ሦስቱ ላይ ቸኩሎ ስሙን ብቻ ፍቆ «አመታ» የምትለውን ቃል ረስቷታል። አንዷ ላይ ደግሞ ፍቆ ምንም ሳይጽፍ ትቶታል። ልጁ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ተመልሶ ሄዶ፣ ቄሰ ገበዙን አስፈቅዶ፣ የስልኩን መብራት ከብራናው ጎን አስተኝቶ አበራበት። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ የተፋቀው ቦታ ጥላ ይሠራል። «ወለተ» የምትለው ታየች። የቀረው አልተነበበም።

ሴት ናት ያጻፈችው! እኔ የጸሐፊ ስህተት ያልኩት መጽሐፏን ያጣች ሴት ናት።

ቆይ፣ አላለቀም። እኔ ሞቀኝና «ወለተ ማን ትሆን? ወይዘሮ ናት፤ የትልቅ ሰው ልጅ ናት፤ እንገምት» አልኩት። «አይሆንም የኔታ፣ ብራናው ይህን ያህል ነው የነገረን» አለኝ። ቴሲሱ ላይ የጻፈው «የመጀመሪያዋ ባለቤት ሴት ነበረች» ብቻ ነው። እኔ አማካሪው እየገፋሁት እሱ ከማስረጃው አልዘለለም።

ከዚያ ደግሞ ያለኝ ነገር አለ፤ እስካሁን አልረሳሁትም። «ይሄ ስሟን የፋቀው ሰው በበረከቱ ባያምን ኖሮ አይፍቀውም ነበር» አለኝ። አያችሁት? በረከት ከሰው ወደ ሰው በምላጭ ይዞራል ወይ? የፋቀው ሰው የሴትየዋን ድርሻ ወሰደ ወይስ የራሱን ጨመረ? ይህን መጽሐፍ ሰምተው ያደጉ ሰዎች በረከትን እንደ ርስት ነበር የሚያዩት? ይህ ጥያቄ የቋንቋ ጥያቄ ብቻ አይደለም። የሃይማኖት ጥናት ጥያቄ ነው። ይህን የጠየቀው ደግሞ መጽሐፉን ሲከፍትም ሲዘጋም የሚሳለመው ያው ዲያቆን ነው።

እና እኔ ይህን ሁሉ አይቼ «ትሑትና ታዛዥ» ብዬ ጻፍኩ!

በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ገጽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው፤ ከዚያ በላይ አይርዘም። እንግሊዝኛ ነው፤ መካከለኛውን አንቀጽ በአማርኛ ልንገራችሁ፦

«ረቂቁ ላይ አንድ የጾታ አለመስማማት የጸሐፊ ስህተት ነው ብዬ አርሜ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ የሠላሳ ሦስቱን ቦታዎች ሠንጠረዥ ይዞ መጥቶ እኔ እንደተሳሳትኩ አሳየኝ። መጽሐፉ የሴት እንደነበረና ስሟ ሆን ተብሎ እንደተፋቀ ማስረጃው ያሳያል። ማንነቷን እንዲገምት ብገፋውም ማስረጃው አይፈቅድም ብሎ እምቢ አለኝ። ልክ ነበር።»

ይሄው ነው። «ብልህ» የሚል ቃል የለበትም። «ታታሪ» የሚል የለበትም። አንባቢዋ ራሷ ትበለው። የቲቤት ፕሮፌሰሯ ግእዝ ባታውቅም ይህን ታሪክ ትረዳዋለች፤ ስም የተፋቀበት መጽሐፍ እሷም ጋ ሊያጋጥማት ይችላልና።

«መምህሩ ተሳሳትኩ ብሎ ሲጽፍ አይዋረድም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝ ባልደረባ አለ። አይዋረድም። እንዲያውም ደብዳቤውን እንዲታመን የሚያደርገው እሱ ነው። ተማሪው መምህሩን ማረም ይችላል፣ መምህሩም ይቀበላል። በእኛ ባህል ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህም ሁለተኛ አረፍተ ነገር ጨምሬ «በተማረበት ወግ መምህርን በአደባባይ ማረም ነውር ነው፤ እሱ በሩን ዘግቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ ማስረጃ አስቀድሞ ነው ያረመኝ» ብዬ ጻፍኩ። ትሕትናውም እዚያው ገባች።

ሌላው የለወጥኩት «የቤተ ክርስቲያን ትምህርት» የምትለዋን ነው። በእንግሊዝኛ «ቸርች ስኩል» ስትሉ አንባቢው እሑድ ጠዋት ልጆች ሥዕል የሚቀቡበት ክፍል ነው የሚታየው። ሦስት ዓመት ቅኔ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል? ስለዚህ ሥራውን ነገርኳቸው። ተማሪው በየጊዜው በግእዝ አዲስ ግጥም ይቆጥራል፣ የትናንቱን አይደግምም፣ በቃሉ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ከሁለት ስንኝ ከጉባኤ ቃና ይጀምርና ስምንት ስንኝ እስካለው መወድስ ይደርሳል። አንድ ስንኝ ሰምም ወርቅም አለው፤ ስለዚህ ይህ ልጅ አንድን ጽሑፍ ሲያነብ ላይ ላዩን ማቆም ተምሮ አያውቅም። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ቲቤት ገዳም ውስጥ መነኮሳት ጥቅስ በቃላቸው ይዘው የሚከራከሩበትን ትምህርት የምታውቀው ፕሮፌሰር «አሃ፣ ገባኝ» ትላለች።

አንዲት እህቴ ቅድም ከመግባታችን በፊት ይዛኝ ነበር፤ የወሎ መንዙማ የምታጠና ተማሪ እያማከረች ነው። ለእሷም ያው ነው። «መድረሳ ተምራለች» ብለሽ አትለፊ። ቁርኣኑን እስከ የት እንደሐፈዘች፣ ነሕው ማለትም የዐረብኛ ሰዋስው ስንት ዓመት እንደቀራች፣ አጀሚውን ማለትም በዐረብኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ ራሷ እንደምታነብ ጻፊ። አንድ ሰው የያዘው የእጅ ጽሑፍና አሰባሳቢዎች በድምፅ የቀዱት ሲለያይ እሷ ምን እንዳደረገች ጻፊ። እናንተ የምታውቁት የትምህርት መንገድ ለአንባቢው ባዶ ቦታ ነው፤ በቁጥርና በሥራ ሙሉት።

ስለ ድክመትም ልናገር። እዚህ ላይ ሁለት ጥፋት አለ፤ አንደኛው መደበቅ ነው። የሃይማኖት ጥናት ክፍሎች ከሚጠና ቋንቋ ሌላ ብዙ ጊዜ ጀርመንኛና ፈረንሳይኛ ማንበብ ይጠይቃሉ፤ የድሮው ጥናት በሁለቱ ተጽፏልና። የእኛ ልጆች በብዛት እዚህ ጋ ይወድቃሉ። ሌላው ጥፋት «ቋንቋ በፍጥነት ይማራል» ብሎ መጻፍ ነው፤ ይህ ምንም አይልም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ዝም አልኩ። በሁለተኛው «ጀርመንኛ ገና አያነብም፤ አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲቲዩት ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሷል፤ የአንድ የጀርመንኛ ካታሎግን መግለጫ መዝገበ ቃላት ይዞ አንብቦልኛል፣ አዝጋሚ ነው ግን ትክክል ነው» አልኩ። እውነት ስለሆነ ሌላውም እንዲታመን አደረገልኝ። ልጁም በዚያ ዓመት እውነትም ተምሮ ነበር፤ እኔ ብቻ አይደለሁም የተሻልኩት።

አሁን የሦስተኛውን በአጭሩ።

ፎርሙ ላይ አንድ ሠንጠረዥ አለ። «ይህን ተማሪ ካስተማራችኋቸው ጋር ስታነጻጽሩ ከላይ ስንተኛው በመቶ ውስጥ ነው?» ይላል። አንድ በመቶ፣ አምስት በመቶ፣ አሥር በመቶ እያለ ይወርዳል። እኛ ለሁሉም ልጅ የላይኛውን እንጭናለን። ኮሚቴው ከአንድ መምህር በየዓመቱ «አንድ በመቶ» ሲመጣለት ያንን መምህር ማመን ያቆማል፤ የሚጎዳው ደግሞ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ጎበዝ ልጅ ነው። ቁጥር ስጡ። «በአሥራ አንድ ዓመት ሃያ ስድስት ቴሲስ አማክሬአለሁ፤ እንዲህ ያረመኝ እሱና ሌላ አንዲት ብቻ ናቸው» ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ሲያመለክት «ደብዳቤውን የማየት መብትህን ትተዋለህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። በ1974 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ፤ ተማሪ ስለራሱ የተያዘውን መዝገብ እንዲያይ መብት የሚሰጥ። ልጆቻችን መብት ተዉ ሲባሉ ይደነግጣሉ፤ «አልተውም» ብለው ይጫናሉ። ያኔ ኮሚቴው መምህሩ ተማሪው እንደሚያየው አውቆ ነው የጻፈው ብሎ ሚዛኑን ይቀንስበታል። እንዲተዉት አስረዷቸው። ጂሜይላችሁንም ተዉት፤ የዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ካላችሁ እሱን ተጠቀሙ። የሚላከው ሊንክ ስፓም ውስጥ ገብቶ የሚቀር ብዙ ነው፤ ስለዚህ ልጁ ሊንኩ የሚላክበትን ቀን ይንገራችሁ፣ እናንተም ስፓሙን እዩ።

ቀኑ! አንድ የማውቀው መምህር ዴድላይኑ «12/01» ይላል፤ አሥራ ሁለተኛው ቀን፣ የፈረንጆቹ ጃንዋሪ ብሎ አነበበው። አሜሪካኖቹ ወርን ነው የሚያስቀድሙት፤ ዲሴምበር አንድ ነበር፣ ኅዳር 22። ልጅቷ አንድ ዓመት ጠበቀች። ብዙዎቹ ዴድላይኖች ዲሴምበርና ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ናቸው፤ ዲሴምበር 15 ማለት በአብዛኛው ታኅሣሥ 6 ነው። በኢትዮጵያ ቀን ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። የእነሱ ምሥራቅ ጠረፍ እኩለ ሌሊት ለእኛ በማግስቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ግን በዚያ አትተማመኑ፤ መብራት በዚያ ጠዋት ነው የሚጠፋው።

አዎ፣ እጅ አይቻለሁ። ጮክ በል ወንድሜ።

... ጥያቄው «ተማሪው ደካማ ቢሆንስ? ለመነኝ፣ እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል» ነው።

ይከብዳል። ይሉኝታ ይዞን እሺ እንላለን፣ ከዚያ ቀዝቃዛ ደብዳቤ እንጽፋለን። ቀዝቃዛ ደብዳቤ ግን ከእምቢታ የበለጠ ይጎዳዋል፤ በተለይ አማካሪው ከሆናችሁ፤ አማካሪው ለምን ሁለት መስመር ብቻ ጻፈ ብለው ይጠይቃሉ። እኔ አሁን የማደርገው ልጁን አስቀምጬ «ስላንተ ልነግራቸው የምችለው አንድ ነገር ምንድን ነው? አብረን እናስብ» እላለሁ። አንዳንዴ እኔ የረሳሁት ነገር ይወጣል፤ አንዷ ልጅ ለአንድ የግርጌ ማስታወሻ ብላ አራት ጊዜ ወደ ገጠር እንደተመለሰች ያወቅኩት እንዲህ ነው። ምንም ካልወጣ ግን ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፦ «ዘንድሮ የምጽፍልህ ደብዳቤ አይረዳህም። ቴሲስህን አንድ ምዕራፍ እንደገና ሥራውና በሚቀጥለው መስከረም ና።» ያኮረፈኝ አለ። በመስከረም የመጣም አለ።

ልጁስ ምን ሆነ? ላላችሁ፣ በሁለተኛው ዓመት ለአምስት አመለከተ፣ ሁለቱ ተቀበሉት። አሁን ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ጽፎልኛል። ሌላ አገር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በተቀመጠ አንድ ተአምረ ማርያም ላይ ስሙ ተፍቆ «አመታ» የቀረበት ቦታ አግኝቷል፤ ፎቶውን አያይዞ ነው የላከው፣ ያቺ ቃል በቀይ ተከባለች።

ሁለቱንም ደብዳቤ፣ ያልሆነውንም የሆነውንም፣ ከልጁ አስፈቅጄ ስሙን ሸፍኜ ኮፒ አስደርጌ አምጥቻለሁ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሻይ እየጠጣችሁ አንብቧቸው፤ የራሳችሁን ያመጣችሁም ካላችሁ እኔ እዚሁ ነኝ፣ አብረን እናያለን። አመሰግናለሁ።